ለአያት የሚጻፍ የመጀመሪያው የዩቲዩብ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከአገር ውጭ ነው። ለአያቴ አንድሮይድ ስልክ ልኬላታለሁ፤ ዩቲዩብ ላይ ትረካና የቆዩ ዘፈኖች እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ደውዬ ላስረዳት ስሞክር ሁለታችንም ግራ እንጋባለን። መነጽሯን አድርጋ ታነባለች፤ ስለዚህ በወረቀት ደብዳቤ ልጽፍላት አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር? ምንስ ልጻፍ?»

ምላሽ፦

በጥሪው ጊዜ የተቸገራችሁት በእርስዎም በአያትዎም ድክመት አይደለም። አያትዎ እርስዎን ለመስማት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል፤ ስልኩ ወደ ጆሮ ሲጠጋ ደግሞ ገጹ በራሱ ይጨልማል። የሚነግሯቸውን ለማየት ከጆሯቸው ሲያርቁት ድምፅዎ አይሰማቸውም። ወረቀት ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር አንብበው፣ አንድ ነገር አድርገው፣ ወደ ወረቀቱ መመለስ ይችላሉ።

አረጋውያንን ስልክ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ሳይጠቅሙ የቀሩት በአንድ ምክንያት ነው። ደብዳቤው አይለወጥም፤ የዩቲዩብ መነሻ ገጽ ግን ከቀን ቀን ይለወጣል። መተግበሪያው ቀደም ሲል የታየውን እያሰላ ሥዕሎቹን እንደገና ስለሚደረድራቸው፣ እርስዎ ዛሬ «ከላይ ሁለተኛውን ሥዕል ንኪ» ብለው ቢጽፉ ደብዳቤው በሚደርስበት ቀን እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ይኖራል። አያትዎም የተጻፈውን በትክክል ፈጽመው የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ከመጻፍዎ በፊት በገጹ ላይ የማይንቀሳቀስ ቦታ መፈለግ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ከመተግበሪያው ግርጌ ባለው መስመር በቀኝ ጥግ You የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ከጽሑፉ በላይ የአካውንቱ ፎቶ በትንሽ ክብ ውስጥ ይታያል። አካውንቱ ላይ የአያትዎን የራሳቸውን ፎቶ ካደረጉበት፣ በደብዳቤዎ «ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን የራስሽን ፊት ንኪ» ብለው መጻፍ ይችላሉ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ቃል መለየት አያስፈልጋቸውም፤ ገጹ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ ፊታቸውን ያውቁታል። ክቡ ከጣት ጥፍር ያነሰ ስለሆነ ሙሉ ቁመናን ወይም ብዙ ሰዎችን የሚያሳይ ፎቶ አይጠቅምም፤ ፊታቸው ብቻ ክቡን እንዲሞላው አድርገው ይቁረጡት።

ያንን ፊት ሲነኩ በሚከፈተው ገጽ ላይ History የሚል መስመር አለ፤ በቅርቡ የታዩት ቪዲዮዎች እዚያ ይደረደራሉ፣ የመጨረሻው የታየው በግራ በኩል መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ከሩቅ ሆኖ ማስተማር የሚቻለው በዚህ መስመር አማካይነት ነው። የአያትዎን አካውንት በራስዎ ኮምፒውተር ላይም ከከፈቱት፣ እርስዎ እዚያ ለጥቂት ጊዜ አጫውተው ያቆሙት ቪዲዮ በእሳቸው ስልክ ላይ በዚሁ መስመር ይታያል። ሦስት ቪዲዮ ይምረጡ፤ እንዲጀምሩበት የሚፈልጉትን በመጨረሻ ያጫውቱት። ያኔ «ከግራ የመጀመሪያውን ሥዕል» ብሎ መጻፍ ትርጉም ይኖረዋል። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ስልኩን ተጠቅሞ ሰልፉን ቢያዛባው እንኳ ከያሉበት ሆነው እንደገና ማስተካከል ይችላሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የአካውንቱ የዕይታ ታሪክ መመዝገብ እስካልቆመ ድረስ ነውና አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስልኩ ከእጅዎ ስለወጣ አጠገባቸው ያለ አንድ ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያግዛቸው ይጠይቁ፤ ይህ ሰው የሚያስተምር ሳይሆን ስልኩን የሚያዘጋጅ ነው። የዩቲዩብን ምልክት በስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለብቻው ያስቀምጠው። ገጹ ከስልኩ ጋር እንዳይዞር የሚዞርበትን ማስተካከያ ያጥፋው፤ ምክንያቱም ስልኩ ትንሽ ሲጋደም ቪዲዮው ገጹን በሙሉ ይሞላና የታች ቁልፎች ሁሉ ይሰወራሉ። በስልኩ ግርጌ ሦስቱ ቁልፎች ሁልጊዜ እንዲታዩ ያድርግ፤ በጣት መጥረግ ብቻ የሚሠራው አዲሱ አሠራር በወረቀት ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በቪዲዮው ላይ የሚገኘውን የAutoplay ማብሪያም ያጥፋው፤ አለበለዚያ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ እሳቸው ያልመረጡት ሌላ ይቀጥላል። የሚጠቀሙት በሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ የቪዲዮውን ጥራት ዳታ ቆጣቢ በሚለው ምርጫ ላይ ያድርገው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር ልምጣ፤ እሱም መንካት ራሱ ነው። እርስዎ «ንኪ» ሲሉ ጣትዎ ገጹ ላይ የሚቆየው ከቅጽበት ያነሰ ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ግን በርግጠኝነት ለመጫን ሲሉ ጣታቸውን ያቆዩታል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጠቀሙባቸው ቁልፎች ሁሉ እንዲያ ነበር የሚሠሩት። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ ገደማ በላይ የቆየን ጣት ሌላ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ወጣት ለአያቱ የጻፈውን አሥራ አራት ተራ ያለው ደብዳቤ አሳይቶኝ ነበር፤ ተራዎቹ በጥንቃቄ የተጻፉ ነበሩ፣ አያቱ ግን ከመጀመሪያው ተራ አላለፉም። የዩቲዩብን ምልክት በነኩ ቁጥር ትንሽ የጽሑፍ ሳጥን ብቅ ይላል፤ አንድ ጊዜማ ምልክቱ ከጣታቸው ጋር ተንሸራቶ ከቦታው ተነሣ። «ስልኩን አበላሸሁት» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ ጣታቸው ብቻ ነበር የቆየው። ለዚህ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ Accessibility በሚለው ክፍል የሚገኘውን የTouch & hold delay ጊዜ ወደ ረጅሙ መቀየር ብዙ ያግዛል፤ ያን የሚያዘጋጅልዎ ሰው ይህንንም አብሮ ያድርገው። ያም ሆኖ ደብዳቤው የመንካትን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት።

በዚሁ ምክንያት በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ቪዲዮን በገጹ ላይ ማቆም አላስተምርም። ለእኛ ቀላል ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን ሁለት ንክኪ ነው። የመጀመሪያው ንክኪ ቁልፎቹን ያወጣቸዋል፤ ሁለተኛው መካከለኛውን ቁልፍ ይጫናል፤ በመሐል ከዘገዩ ቁልፎቹ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተመልሰው ይጠፋሉ። ቸኩለው በቪዲዮው በቀኝ ወይም በግራ በኩል ሁለት ጊዜ ደጋግመው ቢነኩ አሥር ሰከንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይዘላል። ጣታቸውን ቪዲዮው ላይ ካቆዩት ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ይጫወታል፤ ተራኪው በድንገት እየተጣደፈ ሲናገር መስማት ለማያውቀው ሰው የሚያስደነግጥ ነው። በምትኩ በስልኩ ጎን ያለውን ማጥፊያ ቁልፍ ያስተምሯቸው። ክፍያ በሌለው ዩቲዩብ ላይ ገጹ ሲዘጋ ድምፁም ይቆማል፤ ገጹ እንደገና ሲከፈት ቪዲዮው ካቆመበት ቦታ ይገኛል። በእጅ የሚዳሰስ፣ ቦታውን የማይለቅ ቁልፍ ነው። ይህ የማይሠራው አካውንቱ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፈልበት ከሆነ ነው፤ ያኔ ገጹ ቢዘጋም ድምፁ ይቀጥላል።

በጥያቄዎ ላይ አያትዎን «አንቺ» እንደሚሏቸው ስለተረዳሁ የሚከተለውን ናሙና በዚያው አነጋገር ጽፌዋለሁ። በትልልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ገጽታ ብቻ፣ በየአንቀጹ መካከል ሰፊ ቦታ ትተው ይጻፉት።

«እማማ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በስልክሽ ትረካ እንዴት እንደምትሰሚ ይነግርሻል። መነጽርሽን አድርጊና ስልኩን ከደብዳቤው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ አስቀምጪው። አንድ አንቀጽ አንብቢ፤ ያነበብሽውን አድርጊ፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፊ። ዛሬ ባትጨርሺው ነገ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

በመጀመሪያ ስለ መንካት ልንገርሽ። ስልኩ መጫን አይፈልግም። የጋለ ብረት እንደሚነካ ሰው በጣትሽ ጫፍ ነካ አድርገሽ ወዲያው አንሺ። ጣትሽ ከቆየ ያልጠየቅሽውን ነገር ያሳይሻል፤ ምንም አልተበላሸም። እንዲያ ከሆነ ከስልኩ ግርጌ ካሉት ሦስት ቁልፎች መካከለኛውን ነካ አድርጊ፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልስሻል። ይህ መካከለኛ ቁልፍ ከየትም ቦታ ወደ መጀመሪያው ገጽ ያመጣሻል።

አሁን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀይ ሳጥን ታያለሽ፤ በውስጡ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ነጭ ሦስት ማዕዘን አለበት። እሱን ነካ አድርጊ። ገጹ በብዙ ሥዕሎች ይሞላል። ሥዕሎቹ በየቀኑ ይለያያሉ፤ ስለ እነሱ አትጨነቂ፣ እኛ አንፈልጋቸውም።

ከታች በቀኝ ጥግ ተመልከቺ። በትንሽ ክብ ውስጥ የራስሽ ፊት አለ፤ ባለፈው ያነሣሁሽ ፎቶ ነው። ፊትሽን ነካ አድርጊ። ገጹ ይለወጥና ከመሐል ከፍ ብሎ በአግድም የተሰለፉ ሥዕሎች ይታዩሻል። እነዚያን ለአንቺ ያዘጋጀሁልሽ እኔ ነኝ።

ከግራ የመጀመሪያውን ሥዕል ነካ አድርጊ። ሥዕሉ ወደ ላይ ወጥቶ ትልቅ ይሆንና መናገር ይጀምራል። አንዳንድ ጊዜ ከትረካው በፊት ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር ያወራል፤ ማስታወቂያ ነው። ምንም አትንኪ፤ ጠብቂው፣ ያልፋል። ድምፁ ካነሰሽ በስልኩ ጎን ያለውን ረጅሙን ቁልፍ በላይኛው ጫፍ ተጫኚው። ይህኛው የሚጫኑት ቁልፍ ነው፤ እንደ ገጹ አይደለም።

ትረካውን ማቆም ስትፈልጊ ከረጅሙ ቁልፍ በታች ያለውን አጭሩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫኚና ልቀቂው። ስልኩ ይጨልማል፤ ድምፁም ይቆማል። ነገ ስትመለሺ ያንኑ አጭሩን ቁልፍ ተጫኚ፤ ገጹ ሲበራ ጣትሽን ከታች ወደ ላይ ጥረጊው። ትረካው ካቆምሽበት ይጠብቅሻል፤ እንዲቀጥል ከላይ ያለውን ሥዕል መሐሉን ነካ አድርጊ፣ ሦስት ማዕዘን ሲወጣ ደግሞ እሱን ነካ አድርጊ።

ፊትሽ ከታች ካልታየሽ ትረካው ሸፍኖት ነው። ከግርጌ ካሉት ሦስት ቁልፎች በግራ ያለውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጊ፤ ትረካው ወደ ታች ይቀንስና ፊትሽ ይታያል።

እሑድ ማታ እደውልልሻለሁ። ስልኩ ምን እንዳሳየሽ ትነግሪኛለሽ።

የልጅ ልጅሽ»

ይህን እንዳለ ከመገልበጥዎ በፊት ከአያትዎ ስልክ ጋር ማመሳከር ያለብዎት ሦስት ቦታ አለ። በአንዳንድ ስልኮች የመመለሻው ቁልፍ በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው፤ መካከለኛው ግን በሁሉም ዘንድ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመልሰው ነው። የጎን ቁልፎቹም አቀማመጥ ከስልክ ስልክ ይለያያል። ስልኩ ለመክፈት የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ የመክፈቻው አንቀጽ ይለወጣል፤ ቁጥሩን ግን ደብዳቤው ላይ አይጻፉት። ከሁሉ የሚሻለው፣ ስልኩን የሚያዘጋጅልዎ ሰው የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ማድረግ ነው፤ የእርስዎ ስልክ የሚያሳየውን አይመኑ፣ የቋንቋው ምርጫ ወይም የመተግበሪያው ሥሪት ሊለያይ ይችላልና።

በናሙናው ውስጥ እያንዳንዱ አንቀጽ አያትዎ የሚያደርጉትን ነገር ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚያዩትንም እንደሚናገር ያስተውሉ። «ፊትሽን ነካ አድርጊ» ብቻ ቢባል፣ ትክክል መሥራታቸውን የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ «የተሰለፉ ሥዕሎች ይታዩሻል» ሲባል ግን ገጹ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ የማሳስብዎ «ቀላል ነው» የሚለውን ሐረግ ፈጽሞ እንዳይጽፉ ነው። ቀላል የተባለ ነገር ያቃተው ሰው ጉድለቱን ከራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሁለተኛ ለመሞከርም ያፍራል። የማስታወቂያውንም ነገር ሆን ብዬ «ምንም አትንኪ» በማለት ብቻ አልፌዋለሁ። ከአምስት ሰከንድ በኋላ በብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ Skip የሚል ቁልፍ ይወጣል፤ ነገር ግን ቁልፉ ትንሽ ስለሆነ ጣት ትንሽ ከሳተ ማስታወቂያው ራሱ ይነካና ሌላ ገጽ ይከፈታል። ለጀማሪ መጠበቅ ከመሳት ይሻላል።

እሑድ ሲደውሉ፣ አጠገባቸው ሌላ ስልክ ካለ በእሱ ይደውሉ፤ ከሌለም ድምፁ በድምፅ ማጉያ እንዲወጣ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። «ምን ነካሽ?» ብለው አይጠይቁ፤ የነካውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፣ ጥያቄውም እንደ ክስ ይሰማል። «ከታች በቀኝ ጥግ ምን ይታይሻል?» ብለው ይጠይቁ። «ፊቴ» ካሉ ዩቲዩብ ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ናቸው፤ በተሰለፉት ሥዕሎች ይቀጥሉ። ፊታቸው ካልታየ ግን ከላይ የሚንቀሳቀስ ወይም ቆሞ የቀረ ሥዕል እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ቪዲዮው ሸፍኖታል፣ የመመለሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይንኩ። ይህም ያም ካልሆነ፣ ነጭ ገጽ ላይ ብዙ ጽሑፍ የሚያዩ ከሆነ፣ ምናልባት ማስታወቂያ ተነክቶ ከዩቲዩብ ወጥተዋል፤ መካከለኛውን ቁልፍ ነክተው ከቀዩ ሳጥን ይጀምሩ። ከእነዚህ ሦስት መልሶች ውጭ የሚሆን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም።

እንዳይታለሉ የምነግርዎ አንድ ነገር አለ። አያትዎ እንዳያሳዝኑዎ ብለው «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ሊሉዎ ይችላሉ። ይህንን ሳይጠይቁ ማወቅ ይችላሉ፤ በኮምፒውተርዎ ላይ በዚያው አካውንት History የሚለውን ይክፈቱ። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ያለው ቀይ መስመር ቪዲዮው እስከ ምን ድረስ እንደታየ ያሳያል። እርስዎ ጥቂት ብቻ ያጫወቱት ትረካ ላይ መስመሩ ረዝሞ ካገኙት ሰምተዋል ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሳይወቅሱ ስልኩን የት እንዳስቀመጡት ይጠይቋቸው፤ ምናልባት መሳቢያ ውስጥ ይሆናል፣ ቻርጁም አልቆ ይሆናል። አካውንቱን እርስዎም እንደሚያዩት ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የሚሰሙት ነገር የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የሚጽፉት መስመሩ ከሦስቱ ትረካዎች ቢያንስ በሁለቱ ላይ ረዝሞ ሲያዩ ይሁን። በእሱ ላይ ቪዲዮን በገጹ ላይ በሁለት ንክኪ ማቆምን፣ በንክኪዎቹ መካከልም አንድ ትንፋሽ መውሰድን ያስተምሯቸው። መፈለግን ግን ለሦስተኛው ያቆዩት፤ ያኔም ቢሆን በፊደል ገበታው ሳይሆን በማይክሮፎኑ ምልክት ይጀምሩ፤ የጉግል የድምፅ መለያ አማርኛን መቀበል ከጀመረ ከ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ ስለሆነ፣ የስልኩ የድምፅ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ከተስተካከለ የሚፈልጉትን ዘፈን ስም በአፋቸው መናገር ይበቃቸዋል።